ሲነጠል ሴቶች፣ ሲደመር ወንዶች

በ1899 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የለንደኑ የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን ከፓሪስ የከርሰ ምድር መቃብሮች የወጡ የራስ ቅሎችን ልኬት ይዞ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። ረዘም ያለ የራስ ቅል ስፋቱም ሰፋ ይላል ወይ? የወንዶቹን ለብቻቸው ሲያሰላ በርዝመትና በስፋት መካከል ያለው ዝምድና ከምንም የማይቆጠር ሆነ። የሴቶቹም ያው ነው፤ እንዲያውም ከዜሮ ትንሽ ዝቅ አለ። ሁለቱን ክምር ቀላቅሎ እንደገና ሲያሰላ ግን ዝምድናው ወደ 0.2 ተጠጋ። በአንዱም ክምር ያልነበረ ነገር በድምሩ ውስጥ ተገኘ።

ነገሩ ምትሃት የለበትም። የወንድ የራስ ቅል በአማካይ ከሴት ይረዝማል፣ ይሰፋልም። ከተቀላቀለው ክምር ረጅም ቅል ያነሣ ሰው የወንድ ቅል የማንሣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ የወንድ ከሆነ ደግሞ ሰፊ የመሆን ዕድሉም ከፍ ይላል። ርዝመትና ስፋት እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ በጾታ በኩል ዞረው የሚተዋወቁ መሰሉ። ፒርሰን ከአሊስ ሊ እና ከሌዝሊ ብራምሊ-ሙር ጋር ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ዝምድና የሐሰት ብሎ ጠራው፤ የተለያየ ነገር ቀላቅሎ የሚያሰላ ሰው ይጠንቀቅ ሲልም አሳሰበ።

ከ4 ዓመት በኋላ የፒርሰን የቀድሞ ረዳት ጆርጅ ኡድኒ ዩል ያንኑ ነገር ልኬት ወደሌለበት ቦታ ወሰደው። ዩል የሚጨነቀው «አለው ወይስ የለውም» ተብለው ለሚቆጠሩ ነገሮች ነበር፤ ተከትቧል አልተከተበም፣ ድኗል ሞቷል፣ አልፏል ወድቋል። በ1903 ባወጣው ጽሑፍ ይህን የመሰለ ምሳሌ ሰጠ። አንድ ጠባይ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ አይወረስ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅም አይወረስ። ነገር ግን ከወንዶች ግማሾቹ ይኑራቸው፣ ከሴቶች ግን ከ100 አሥሩ ብቻ። አሁን 100 አባትና ወንድ ልጅ፣ 100 እናትና ሴት ልጅ አንድ መዝገብ ላይ እናስፍር። ጠባዩ ያላቸው ወላጆች 60 ናቸው፤ ከእነዚህ የ26ቱ ልጆች ጠባዩ አላቸው፣ 43 በመቶ። ጠባዩ ከሌላቸው 140 ወላጆች ግን ልጆቻቸው ጠባዩ ያላቸው 34ቱ ብቻ ናቸው፣ 24 በመቶ። መዝገቡን ያየ ሰው «ይወረሳል» ብሎ ይምላል። የሚወረስ ነገር ግን የለም።

ፒርሰንና ዩል ያሳዩት ከሌለ ነገር ያለ ነገር እንዴት እንደሚፈጠር ነው። አቅጣጫው ጭራሽ የሚገለበጥበት እውነተኛ መረጃ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ በደንብ የታወቀው በ1934 ነው፤ ያቀረቡትም ሞሪስ ኮኸን እና ኧርነስት ኔግል የተባሉ የኒው ዮርክ ፈላስፎች ናቸው። በሎጂክ መጽሐፋቸው ውስጥ የ1910ን የሳንባ ነቀርሳ ሞት ከኒው ዮርክና ቨርጂኒያ ካለችው ሪችመንድ አነጻጸሩ። ከ100,000 ሰው ኒው ዮርክ ላይ 186 ገደማ ሲሞት፣ ሪችመንድ ላይ 224 ገደማ ሞቷል። ሪችመንድ የባሰች ትመስላለች። በዘር ሲከፈል ግን ነጮቹም በሪችመንድ የሚሞቱት ባነሰ መጠን ነው (162 ለ179)፤ ጥቁሮቹም እንዲሁ (332 ለ559)። በዚያ ዘመን በሁለቱም ከተሞች በሽታው ጥቁሮችን አብዝቶ ይገድል ነበር፤ ከሪችመንድ ሕዝብ ከሦስተኛ እጅ በላይ ጥቁር ሲሆን በኒው ዮርክ ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ሁለቱ ጸሐፊዎች ማብራሪያ ሳይሰጡ፣ «እነዚህ ሁለት ሕዝቦች በእርግጥ የሚነጻጸሩ ናቸው?» ብለው ለተማሪው መልመጃ አድርገው አለፉት።

ስሙን ለነገሩ ያዋሰው ሰው ኤድዋርድ ሲምፕሰን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የእንግሊዞች የምስጢር መፍቻ ጣቢያ ሠርቷል፤ ከዚያ ካምብሪጅ ገብቶ ስታቲስቲክስ አጥንቷል፤ ከዚያም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሙያውን ተወው። በ1951 ያሳተማት አጭር ጽሑፍ ከዚያ የተማሪነት ጊዜ የተረፈች ናት። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ሁሉ ብልሃት የምለው ያቺን ጽሑፍ ነው፤ ምክንያቱም ሲምፕሰን አንዱን ሠንጠረዥ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ታሪክ ተረከው።

መጀመሪያ ታሪኩ የመጫወቻ ካርታ ነው። ሕፃን ልጅ 52ቱን ካርታዎች ሲጫወትባቸው አንዳንዶቹን አቆሽሿል። ሲምፕሰን የቆሸሹትን ለብቻ፣ ንጹሖቹን ለብቻ አድርጎ የካርታው ቀለም ቀይ ወይም ጥቁር መሆኑ፣ ባለ ሥዕል ከመሆኑ ጋር ዝምድና እንዳለው ቆጠረ። ከቆሸሹት 12 ቀይ ካርታዎች 4ቱ፣ ከ8 ጥቁሮች 3ቱ ባለ ሥዕል ናቸው። ከንጹሖቹ 14 ቀዮች 2ቱ፣ ከ18 ጥቁሮች 3ቱ። በሁለቱም ክምር ጥቁሩ ትንሽ ይበልጣል። ሁሉም ሲደመር ግን ከ26 ቀዮች 6፣ ከ26 ጥቁሮች 6፤ ልዩነቱ ጠፋ። ካርታ የተጫወተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ነው፤ የካርታውን ቀለምና ሥዕል ያከፋፈለው አታሚው ነው፣ የሕፃኑ የቆሸሸ እጅ ያመጣው ነገር የለም። እዚህ ትክክለኛው ድምሩ ነው።

ከዚያ ሲምፕሰን ያንኑ ቁጥር ወስዶ ሆስፒታል አስገባው። ቆሻሻው ክምር ወንዶች ሆነ፣ ንጹሑ ሴቶች፤ ቀለሙ መትረፍና መሞት ሆነ፣ ሥዕሉ ደግሞ መታከምና አለመታከም። አሁን ካልታከሙት 7 ወንዶች 4 ተረፉ (57 በመቶ)፣ ከታከሙት 13 ወንዶች 8 (62 በመቶ)። ካልታከሙት 5 ሴቶች 2 (40 በመቶ)፣ ከታከሙት 27 ሴቶች 12 (44 በመቶ)። ሕክምናው ለወንዱም ለሴቱም ይረዳል። ሲደመር ግን ካልታከሙት ግማሽ፣ ከታከሙትም ግማሽ ተረፈ፤ መድኃኒቱ ምንም ያላደረገ መሰለ። እዚህ ድምሩን የሚያምን ሐኪም የለም። ወንዱንም ሴቱንም የሚጠቅም መድኃኒት ለሰው ልጅ አይጠቅምም ማለት አይቻልምና።

ቁጥሩ አንድ ነው፤ በአንዱ ድምሩ ልክ ነው፣ በሌላው ክፍልፋዩ። የቱን ማንበብ እንዳለብን ሠንጠረዡ አይናገርም። ሲምፕሰን እዚህ ላይ ቆመ። ነገሩን በስሙ የጠራው ኮሊን ብላይት ነው፤ በ1972 ባወጣው ጽሑፍ «የሲምፕሰን ተቃርኖ» አለው፤ ቀድሞት ያየው ዩል ሆኖ ሳለ። በሳይንስ ውስጥ ስም ለመጀመሪያው ሰው እምብዛም አይደርስም።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1973 መኸር፣ ካሊፎርኒያ በርክሊ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት 12,763 ማመልከቻ ተቀበለ። 8,442ቱ የወንዶች፣ 4,321ዱ የሴቶች ነበሩ። ከወንዶቹ 44 በመቶ ገደማ አለፉ፤ ከሴቶቹ 35 በመቶ። ወንዶቹም ሴቶቹም በጠቅላላው አማካይ መጠን ቢያልፉ ኖሮ ካለፉት ላይ 277 ሴቶች ይጨመሩ ነበር ማለት ነው። ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ አይችልም። ብዙ ጊዜ ሲተረክ ዩኒቨርሲቲው ተከሰሰ ይባላል፤ አልተከሰሰም። የድኅረ ምረቃ ክፍሉ ምክትል ዲን የነበረው አንትሮፖሎጂስቱ ዩጂን ሃመል ቁጥሩን አይቶ ክስ እንዳይመጣ ስለሰጋ፣ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰሩን ፒተር ቢከልን እርዳኝ አለው። ከእነሱ ጋር የክፍሉ የመረጃ ባለሙያ ጄ. ደብልዩ. ኦኮኔል ተጨመረ።

የመጀመሪያ ሥራቸው አድልዎ ካለ የማነው የሚለውን መለየት ነበር። በበርክሊ ተማሪ የሚመርጥ አንድ ማዕከላዊ ቢሮ የለም፤ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ራሱ ማመልከቻ አይቶ ራሱ ይወስናል። ስለዚህ ሴቶችን እየገፋ ያለው ክፍል መገኘት አለበት። 101 ትምህርት ክፍሎች ነበሩ፤ ሴት ያላመለከተችባቸውንና ያመለከተውን ሁሉ የተቀበሉትን 16 ክፍሎች ሲያወጡ 85 ቀሩ። አንድ በአንድ ሲመረምሯቸው ሴቶችን በግልጽ የሚጎዱ ሆነው የተገኙት 4 ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ ወንዶችን የሚጎዱ ደግሞ 6። የ277 ሴቶች ጉድለት ከየት መጣ?

ይህን በዝርዝር ለማየት የሚያስችል፣ ብዙ አመልካች የነበራቸው የ6 ክፍሎች ቁጥር ይፋ ሆኗል። ስማቸው ስለተከለከለ በፊደል ብቻ ነው የሚጠሩት፣ ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ»። ከእነርሱ ሁለቱን፣ ለማለፍ በጣም ቀላሉን «ኤ»ንና በጣም ከባዱን «ኤፍ»ን፣ ለይቼ አቀርባለሁ። ሁለት ክፍል፣ ሁለት ጾታ፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ካመለከቱት ስንቱ እንዳለፉ፦

| | ወንዶች | ሴቶች |
|---|---|---|
| ክፍል «ኤ» | ከ825፣ 512 አለፉ (62%) | ከ108፣ 89 አለፉ (82%) |
| ክፍል «ኤፍ» | ከ373፣ 22 አለፉ (6%) | ከ341፣ 24 አለፉ (7%) |

ወደ ጎን አንብቡት። በ«ኤ» ሴቶች በ20 ነጥብ ይበልጣሉ። በ«ኤፍ» ሁለቱም ጾታዎች አፍንጫቸው እየተመታ ነው የሚመለሱት፣ ቢሆንም ሴቶች በትንሹ ይሻላሉ። አሁን ወደ ታች ደምሩት። ወንዶች 1,198 አመልክተው 534 አለፉ፣ 45 በመቶ ገደማ። ሴቶች 449 አመልክተው 113 አለፉ፣ 25 በመቶ። በሁለቱም ክፍል የሚበልጡት ሴቶች በድምሩ የወንዶቹን ግማሽ ትንሽ አለፍ አሉ እንጂ አልደረሱባቸውም።

ሒሳቡ ላይ ስህተት የለም። የድምሩ መጠን ሁልጊዜ ከሁለቱ ክፍሎች መጠን መካከል ይወድቃል፤ ወደየትኛው እንደሚጠጋ የሚወስነው ብዙው ሰው የት እንዳመለከተ ነው። የሴቶቹ በ82 እና በ7 መካከል ነው፤ ከ449 ሴቶች 341ዱ፣ ማለትም ከአራት ሦስቱ፣ ያመለከቱት በ«ኤፍ» ስለሆነ ወደ 7 ተጎትቶ 25 ላይ ቆመ። የወንዶቹ በ62 እና በ6 መካከል ነው፤ ከአሥር ወንዶች ሰባቱ ያመለከቱት በ«ኤ» ስለሆነ ወደ ላይ ተጎተተ። ስለዚህ ግልበጣው እንዲመጣ ሁለት ነገር አብሮ መኖር አለበት። ክፍሎቹ በማለፊያቸው እጅግ መለያየት አለባቸው፣ እዚህ 62 እና 6 እንደሆኑት፤ ሁለቱ ወገኖችም በክፍሎቹ ላይ የተሰራጩት በተለያየ መንገድ መሆን አለበት። ወንዶቹም ሴቶቹም እኩል በእኩል ተከፋፍለው ቢያመለክቱ ወይም ክፍሎቹ እኩል ቢያሳልፉ ግልበጣ አይኖርም። ድምር አይቶ የሚጠራጠር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ሁለቱን ጫፎች መርጬ መሆኑን አልደብቅም። መሐል ያሉት ክፍሎች ታሪኩን ያለሳልሱታል። በ«ሲ» ወንዶች 37፣ ሴቶች 34 በመቶ አለፉ፤ በ«ኢ» 28 እና 24፤ በእነዚህ ሁለቱ ወንዶች ትንሽ ይበልጣሉ። በ«ዲ» 33 እና 35፣ ሴቶች ይበልጣሉ። በ«ቢ»ም ሴቶች ይበልጣሉ፣ ግን ያመለከቱት 25 ሴቶች ብቻ ስለሆኑ ሁለት ሰው ቢጨመር ወይም ቢቀነስ መጠኑ በ8 ነጥብ ይዘላል፤ ያን ያህል አይታመንም። ስድስቱም ሲደመሩ ወንዶች 45፣ ሴቶች 30 በመቶ ይሆናሉ። በቀላሎቹ በ«ኤ» እና በ«ቢ» ከ2,691 ወንዶች 1,385ቱ አመልክተዋል፤ ከ1,835 ሴቶች ደግሞ 133ቱ ብቻ።

ለእኛ አንባቢ ቅርቡ የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የሚፈተኑት ፈተና በከፊል የተለያየ ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶችን በጠቅላላ የማለፊያ መጠን የሚያወዳድር ሰው፣ በአንደኛው የትኛው ዘርፍ እንደሚበዛ ካልጠየቀ የሚያወዳድረው መምህራኑን ይሁን የተማሪዎቹን ምርጫ አያውቅም።

ቢከል፣ ሃመልና ኦኮኔል ውጤታቸውን በ1975 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጡ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምመለስበት አንድ ምሳሌ አላቸው። ሁለት ዓይነት ቀዳዳ ያለው የዓሣ መረብ አስቡ፤ ዓሦቹ ሁሉ በመጠን እኩል ናቸው፤ ሴቶቹ ሁሉ በጠባቡ ቀዳዳ፣ ወንዶቹ ሁሉ በሰፊው ሊያልፉ ይሞክራሉ። ከወዲያ ማዶ የሚገኙት ወንዶች ብቻ ናቸው። መረቡ ስለ ጾታ የሚያውቀው ነገር የለም። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ውጤቱን በትክክለኛው መንገድ ሲያዋህዱት፣ እንዲያውም ለሴቶች በጥቂቱ ያደላ ሆኖ አገኙት።

ስንቱ ሰው ይህን ሰምቶ «አድልዎ የለም ማለት ነው» ብሎ ይሄዳል። ጽሑፉ እንዲህ አላለም። ሴቶች ከልጅነት ጀምሮ በትምህርትና በአስተዳደግ ተገፍተው የሚገቡባቸው የድኅረ ምረቃ መስኮች የተጨናነቁ፣ ገንዘብ የማይመደብላቸው፣ ተመርቀው ሲወጡም ጥሩ ሥራ የማያገኙባቸው ናቸው ሲል ደመደመ። ግፊያው የተፈጸመው ማመልከቻው ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ከመድረሱ ዓመታት በፊት ነው። ጸሐፊዎቹ ብዙ ሒሳብ የሚጠይቁት ክፍሎች ሴቶች በብዛት የማያመለክቱባቸው መሆናቸውንም ጠቁመዋል፤ ሒሳብ ደግሞ የሚተወው ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ ጽሑፍ የቺካጎው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዊልያም ክራስካል ለቢከል ደብዳቤ ጻፈ። ክርክሩ ቀላልና አስቸጋሪ ነበር፤ በትምህርት ክፍል ከፋፍላችሁ አድልዎውን ካጠፋችሁ፣ እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል በሌላ ነገር፣ ለምሳሌ አመልካቹ የዚያው ግዛት ነዋሪ መሆን አለመሆኑን በመለየት ከፋፍዬ አድልዎውን መልሼ ማምጣት እችላለሁ አለው፤ በፈጠረው የቁጥር ምሳሌም አሳየው። ድምር አንዴ ከተገለበጠ እንደገና የማይገለበጥበት ዋስትና የለም። የት መቆም እንዳለብን የሚነግረን ከቁጥሩ ውጭ ያለ ዕውቀት ነው፤ ኮሚቴው የሚያየው ምንድን ነው፣ ምርጫውን ማን አደረገ፣ የቱ ቀደመ?

በ1978 የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ዴቪድ ፍሪድማን፣ ሮበርት ፒሳኒ እና ሮጀር ፐርቭስ ስድስቱን ክፍሎች መማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ አስገቧቸው፤ ሠንጠረዡ በየአገሩ የሚማረው ከእነርሱ ነው። ሁለቱን ወገኖች አቻ አድርጎ የማወዳደሪያ መንገድም በዚያው አሳዩ። በእኛ ትንሽ ሠንጠረዥ እንሞክረው። በሁለቱ ክፍሎች ያመለከተው ሰው ጾታ ሳይለይ 1,647 ነው፤ 933 በ«ኤ»፣ 714 በ«ኤፍ»። አሁን ወንዶቹም ሴቶቹም በዚህ በጋራው ስርጭት ያመለከቱ ይምሰሉ። የወንዶቹ 62 በመቶ ከ933፣ 6 በመቶው ከ714 ሲሰላ ከ1,647ቱ 621 ያህል ያልፋሉ፣ 38 በመቶ ገደማ። የሴቶቹ 82 በመቶ ከ933፣ 7 በመቶው ከ714 ሲሰላ 815 ያህል፣ 50 በመቶ ገደማ። የጠፋው የሴቶች ብልጫ ተመለሰ። ለስድስቱም ክፍሎች እንዲሁ ሲደረግ ወንዶች 39፣ ሴቶች 43 በመቶ ይሆናሉ። ይህ ሒሳብ ግን ክፍሎቹን መለየት ትክክል መሆኑን አስቀድሞ ያመነ ሰው የሚሠራው ነው፤ ሲምፕሰን በካርታው ያነሣውን ጥያቄ አይመልስም።

ያን ጥያቄ እንደገና ያነሡት ዴኒስ ሊንድሊ እና ሜልቪን ኖቪክ ናቸው፣ በ1981። እንደ ሲምፕሰን አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተረኩት፤ አንዱ መድኃኒት ነው፣ ሌላው እርሻ። ከ40 የታከሙ ሰዎች 20 ዳኑ፣ ከ40 ያልታከሙ 16። በጾታ ሲከፈል ግን ወንዶች ታክመው ከ30 18 ብቻ ሲድኑ ሳይታከሙ ከ10 7 ይድናሉ፤ ሴቶችም ታክመው ከ10 2፣ ሳይታከሙ ከ30 9። በሁለቱም ጾታ ያልታከመው ይሻላል። ሐኪሙ በጾታ የተከፈለውን ያምናል፤ መድኃኒቱን አይሰጥም። ጾታው ከሕክምናው በፊት የነበረ ነው፣ ወንዶቹ በብዛት መታከማቸው ነው ድምሩን ያሳሳተው።

አሁን ያንኑ ቁጥር ወደ እርሻ እንውሰደው። ሁለት የዘር ዓይነቶች አሉ፣ ነጭና ጥቁር። ከ40 የነጩ ተክሎች 20 ብዙ ምርት ሰጡ፣ ከጥቁሩ 40 ደግሞ 16። ረጃጅሙን ለብቻ ስናይ ከነጩ 30 18፣ ከጥቁሩ 10 7። አጫጭሩን ስናይ ከነጩ 10 2፣ ከጥቁሩ 30 9። በረጃጅሙም በአጫጭሩም ጥቁሩ ይበልጣል፤ በድምሩ ነጩ። ገበሬው የቱን ይዝራ? ነጩን። ነጩ ዘር ከ40 ተክል 30ው ረጅም የሚሆነው ዘሩ ስለሆነ ነው፤ ቁመቱ የዘሩ ሥራ ነው፣ ምርቱንም የሚያመጣው በቁመቱ ነው። ተክሉን በቁመት ከፍሎ የሚያወዳድር ሰው የነጩን ዘር ዋነኛ ጥቅም ከሂሳቡ አውጥቶ ጥሎታል። ሊንድሊና ኖቪክ ቁጥሩ ያው ሆኖ መልሱ መለያየቱን አሳዩ፤ በኋላም ተመራማሪው ጁዲያ ፐርል ነገሩን የምክንያትና የውጤት ቅደም ተከተል ብሎ አጥብቆ ተከራከረበት። የሚከፋፍለው ነገር ከሚመረመረው በፊት የመጣና ሁለቱንም የሚነካ ከሆነ ይከፈል፤ የሚመረመረው ነገር ራሱ ያመጣው ከሆነ አይከፈል።

በዚህ ሚዛን በርክሊ ግራ ያጋባል። የትምህርት ክፍል ምርጫ ከጾታ በፊት የመጣ አይደለም፤ እንደ ተክሉ ቁመት በኋላ የመጣ ነው፣ ሴት መሆን ሰውን ወደ አንድ መስክ ሊገፋ ይችላልና። ኮሚቴው ያዳላ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ክፍሎቹን ለይቶ 82 እና 62ን፣ 7 እና 6ን ያነጻጽራል። በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሴት ሆኖ መወለድ ድኅረ ምረቃ የመግባትን ዕድል ምን ያህል ቀንሷል ብሎ የሚጠይቅ ግን ክፍሎቹን መለየት የለበትም፤ ለእርሱ የሚሆነው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፣ 44 እና 35።